የሐይቅ ዳር ፎቶ ላይ ወንበር ማስገባት፦ የብርሃኑን አቅጣጫና የጥላውን ጠርዝ ማዛመድ

ፎቶ ላይ የተለጠፈ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚያስታውቀው በአቆራረጡ አይደለም። ጠርዙ በጥንቃቄ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ዕቃው ግን መሬት ያልነካ ይመስላል። ዓይን የሚጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ጥላው ከሌሎቹ ጥላዎች ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ አለመውደቁን፣ ጠርዙም ከነሱ የተሳለ ወይም የደበዘዘ መሆኑን። ሁለቱም በግምት ሳይሆን በመለካት ይስተካከላሉ።

ምሳሌያችን ይህ ነው። ሐዋሳ፣ የሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ፣ ጥር ወር አጋማሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ፎቶው በስልክ ዋና ካሜራ የተነሣ፣ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ስልኩ ቀጥ ብሎ፣ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ተይዟል። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሠራው ባለ መደገፊያ ወንበር እዚያ መንገድ ላይ እንዲቀመጥ ተፈልጓል። ወንበሩ ከነመደገፊያው 90 ሴንቲ ሜትር፣ መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከካሜራው 4.8 ሜትር ርቆ፣ ጀርባውን ለሐይቁ፣ ፊቱን ለእኛ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ይህን የመረጥነው ከባዱ ስለሆነ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ለማንሣት የዞረ ሰው ፀሐይን ከፊቱ ያገኛል። በጥር 9 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 45 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ካሜራው ወደ ምዕራብ ካየ ፀሐይ ከፊት ለፊት በግራ በኩል፣ ከፎቶው ክፈፍ ወጥታ ትቆማለች፤ ጥላ ሁሉ ወደ እኛና ወደ ቀኝ ይመጣል። ስቱዲዮ ውስጥ ከፊት በኩል ብርሃን ተደርጎለት የተነሣ ወንበር እዚህ ቦታ ላይ ምንም ቢደረግ አይገጥምም።

1. መጀመሪያ ፎቶውን ማንበብ

ወንበሩን ሳትከፍቱ በፊት ፎቶው ላይ አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ፈልጉ፤ እግሩም፣ ጫፉም፣ የጥላው ጫፍም አብረው የሚታዩ መሆን አለበት። የመንገድ መብራት ምሰሶ ጥላው ረጅም ስለሆነ ጫፉ ከክፈፉ ይወጣል። የአጥር ቋሚ፣ የቆመ ሰው ወይም አጭር የብረት ዘንግ ይሻላል። ዛፍ አትምረጡ፤ የትኛው ቅርንጫፍ የትኛውን ጥላ እንደጣለ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ አድማሱን አስምሩ። እዚህ ላይ ሐይቅ ዳር መሆን ይጠቅማል። አድማስ ማለት ከማዶ የሚታዩት ተራሮች አናት አይደለም፤ ውኃው የሚያልቅበት መስመር ነው። ማዶው ዳርቻ ኪሎ ሜትሮች ስለሚርቅ፣ በዓይን ከፍታ ለሚያነሣ ካሜራ በውኃው መጨረሻና በእውነተኛው አድማስ መካከል ያለው ልዩነት በፎቶው ላይ አይታይም። በምሳሌያችን መስመሩ ልክ መሐል ላይ፣ ከላይ 1500 ፒክስል ላይ ይውላል። ከውኃ ርቆ ከተማ ውስጥ የተነሣ ፎቶ ከሆነ ግን ወደ ርቀት የሚሄዱ ትይዩ መስመሮችን፣ ለምሳሌ የመንገድ ጠርዝና የሕንፃ መስኮቶችን አስረዝማችሁ የሚገናኙበትን ከፍታ መፈለግ አለባችሁ።

የፎቶውን ሰዓት ከፋይሉ መረጃ ለማረጋገጥ ስትሞክሩ 15:00 ተብሎ የተጻፈው የእኛ 9 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ወርም እንደ ሰዓቱ ያሳስታል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። «ይህ ግድግዳ ሁልጊዜ ጥላው ወደዚህ ነው» ብሎ በልማድ መሥራት በክረምት ያጋልጣል።

2. የፀሐይዋን ቦታ በመስመር ማግኘት

ፀሐይ ከክፈፉ ውጭ ስለሆነች መጀመሪያ ሸራውን ማስፋት ያስፈልጋል። በፎቶሾፕ Image > Canvas Size ግቡና በ Anchor ላይ ታችኛውን የቀኝ ጥግ መርጣችሁ ስፋቱን 4500፣ ቁመቱን 5400 አድርጉት። ከግራ 500፣ ከላይ 2400 ፒክስል ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። ሲያልቅ በዚያው ጥግ ወደ 4000 በ3000 ስትመልሱት ፎቶው እንደነበረ ይገጥማል።

አሁን በአዲስ ሌየር ላይ በ Line Tool ሁለት መስመር ጣሉ። አንደኛው ከጥላው ጫፍ ተነሥቶ በቋሚው እግር በኩል አልፎ አድማሱን እስኪነካ ይሄዳል። የነካበትን ነጥብ «የጥላ ነጥብ» እንበለው። ሁለተኛው ከጥላው ጫፍ ተነሥቶ በቋሚው አናት በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። ከጥላ ነጥቡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ «የፀሐይ ነጥብ» ነው።

በምሳሌያችን የጥላ ነጥቡ ከፎቶው መሐል ወደ ግራ 2340 ፒክስል፣ ማለትም ከግራ ጠርዝ 340 ፒክስል ውጭ ይወድቃል። የፀሐይ ነጥቡ ከሱ በላይ ከአድማሱ 3670 ፒክስል ገደማ ከፍ ይላል። ከመጀመሪያው ሸራውን ያን ያህል ያሰፋነው ለዚህ ነው።

ሌላ ቋሚ ነገር ካለ በሱም ደግሙት። ሁለቱ የተለያየ ነጥብ ከሰጡ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቋሚው ዘሟል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ወይም ፎቶው በ0.5x ሌንስ ተነሥቶ ዳር ዳሩ ተለጥጧል። ስልኩ ወደ ታች ተዘንብሎ ከነበረ ደግሞ ቋሚዎቹ ራሳቸው አናታቸው ከመሐል ወደ ውጭ ይዘማሉ፤ ያን ጊዜ የፀሐይ ነጥቡ ከጥላ ነጥቡ በቀጥታ በላይ አይሆንም። የሁለት ቋሚዎችን የአናት መስመር አገናኝታችሁ ማግኘት ግድ ይሆናል።

ፀሐይ ከካሜራው በስተኋላ ከሆነች አሠራሩ ያው ነው፤ ነጥቡ ግን ከአድማሱ በታች ይወጣል። የብርሃኑ ምንጭ የመንገድ መብራት ከሆነ ግን የጥላ ነጥቡ አድማስ ላይ አይደለም። መሬት ላይ፣ ልክ ከአምፖሉ ሥር ነው፤ ጥላዎቹም ከዚያ ነጥብ እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ። የማታ ፎቶ ላይ ጥላዎችን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማስኬድ የተለመደ ስሕተት ነው።

3. ወንበሩን በዚያው ብርሃን ማንሣት

ጥላን መሥራት ይቻላል። ዕቃው ራሱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ማዛወር ግን አይቻልም፤ ቢሞከርም ወንበሩን እንደገና በእጅ መሣል ነው። ስለዚህ ወንበሩ አሁንም ሥራ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለ እንደገና ይነሣ።

ሰዓቱና ወሩ ተመሳሳይ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ፀሐይዋ ከካሜራው አንጻር ያላት ቦታ ነው። አንድ ሜትር እንጨት በወንበሩ አጠገብ አቁሙ። የጥላው ርዝመት አንድ ሜትር ሲሆን ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት። ከዚያ እንጨቱን በስልኩ እያያችሁ በወንበሩ ዙሪያ ዙሩ፤ ጥላው በስክሪኑ ላይ ወደ እናንተና ወደ ቀኝ፣ በፎቶው ላይ እንዳሉት ጥላዎች ያህል ሲያዘነብል ቁሙ። ወንበሩንም ፊቱ ወደ እናንተ እንዲሆን አዙሩት። ስልኩ በ1.6 ሜትር ከፍታ፣ በ4.8 ሜትር ርቀት፣ በዚያው ዋና ሌንስ ይሁን። ቀርቦ አንሥቶ በኋላ ማሳነስ የመቀመጫውን አንግል ያበላሸዋል፤ ከላይ የታየ መቀመጫ ያለው ወንበር በየትኛውም ጥላ አይድንም።

በትክክል የተነሣው ወንበር መጀመሪያ ስታዩት አያምርም። ወደ እኛ የዞረው ፊቱ በጥላ ውስጥ ነው፤ የመደገፊያው አናትና የግራ ጠርዞቹ ብቻ ያበራሉ። መቀመጫውም በአብዛኛው ጨለማ ነው። መደገፊያው ከመቀመጫው በላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ በ45 ዲግሪ ፀሐይ ጥላው መቀመጫው ላይ ያን ያህል ይረዝማል፤ ከዚያ ውስጥ 35 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ፊት፣ 28ቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሚያበራው ከግራ በኩል ያለው ክፍልና የፊተኛው ጠርዝ ብቻ ነው። መደገፊያው ባለ ርብራብ ከሆነ በመካከሉ የብርሃን ሰንበሮች ይታያሉ። ደንበኛው «ወንበሬ ጨለመ» ብሎ ፊቱን እንድታበሩ ሊጠይቅ ይችላል። በ Curves ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የፊቱ ብርሃን ከመቀመጫው ብሩህ ክፍል ጋር እኩል ከሆነ ወንበሩ ወዲያው ከቦታው ይነቀላል።

በእጃችሁ ያለው የስቱዲዮ ፎቶ ብቻ ከሆነ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ብርሃኑ ከተቃራኒው ጎን ከሆነ በ Edit > Transform > Flip Horizontal ማገላበጥ ይበቃ ይሆናል፤ ወንበሩ ላይ ጽሑፍ ወይም አንድ ጎን ብቻ ያለ ቅርጽ ካለ ግን አይሆንም። ሁለተኛው የወንበሩ የራሱ ጥላ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሶፍትቦክስ በ1.5 ሜትር ርቀት ሲቆም፣ ከመቀመጫው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ክንድ መደገፊያ የሚጥለው ጥላ ጠርዙ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ያው ክንድ በ45 ዲግሪ ፀሐይ ቢሆን ደብዛዛው ክፍል 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። መሬቱ ላይ የተሳለ የፀሐይ ጥላ ሠርታችሁ ወንበሩ ላይ የሶፍትቦክስ ጥላ ከቀረ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ልዩነቱ ይሰማዋል። እንዲህ ያለው የስቱዲዮ ፎቶ የሚገጥመው ለደመናማ ቀን ፎቶ ነው።

4. ልኩን ማስቀመጥ

ጥላው የሚሠራው ከእግሮቹ ስለሆነ እግሮቹ ትክክለኛ ቦታ ላይ መሆን አለባቸው። ለዚህ አድማሱ እንደ ሜትር ያገለግላል። ካሜራው 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ስለነበር፣ ደልዳላ መሬት ላይ የትኛውም ቦታ ብትቆሙ ከመሬቱ እስከ አድማሱ መስመር ያለው ቁመት 1.6 ሜትር ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ወንበር የዚህን 56 በመቶ ይይዛል። በ4.8 ሜትር ርቀት የወንበሩ እግር ከአድማሱ 960 ፒክስል በታች ይውላል፤ ስለዚህ ወንበሩ 540 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። በዚያ ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር 6 ፒክስል ነው ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙ፤ ጠርዙን ስናደበዝዝ እንመለስባታለን።

5. የጥላውን ቅርጽ መሥራት

የተቆረጠውን ወንበር ቀድቶ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ በ Distort ማስተኛት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ለጠርሙስ ወይም ለምሰሶ ይሠራል፤ ለወንበር ግን ሐሰት ነው። ጥላ ፀሐይ ያየችው ቅርጽ እንጂ ካሜራው ያየው አይደለም። ካሜራው ከፊት ሲያይ የኋላ እግሮቹ በፊተኞቹ ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ ፀሐይዋ ግን ከጎን ከኋላ ስለምታይ አራቱንም ለየብቻ ትጥላቸዋለች። አራት እግር ያለው ወንበር በሁለት እግር ጥላ ቆሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው መንገድ በነጥብ መሥራት ነው። ወንበሩ ስድስት ነጥብ ይበቃዋል፦ አራቱ የመቀመጫ ጥጎችና ሁለቱ የመደገፊያ ጫፎች። ሁሉም በግምት ከእግሮቹ ቀጥ ብለው በላይ ስለሆኑ ሥራው ይቀልላል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከጥላ ነጥቡ በእግሩ በኩል የሚያልፍ መስመር፣ ከፀሐይ ነጥቡ ደግሞ በራሱ በነጥቡ በኩል የሚያልፍ መስመር ጣሉ። ሁለቱ የሚቋረጡበት ቦታ ላይ የዚያ ነጥብ ጥላ ይወድቃል።

በፎቶው መሐል ያለውን የመደገፊያ ጫፍ ብንወስድ፣ እግሩ ከአድማሱ 960፣ ጫፉ 420 ፒክስል በታች ነው። መስመሮቹ የሚቋረጡት ከእግሩ ወደ ቀኝ 400፣ ወደ ታች 165 ፒክስል ገደማ ላይ ነው። የእናንተ ከዚህ በጣም የራቀ ከሆነ አንዱን መስመር ከተሳሳተ እግር ጀምራችሁታል፤ ብዙ ጊዜ የፊተኛው እግር ከኋለኛው መደገፊያ ጋር ተጣምሮ ይገኛል።

ስድስቱ ነጥቦች ከወጡ በኋላ በ Polygonal Lasso Tool አገናኟቸው። የመቀመጫው ጥላ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከሱ ወደ አራቱ እግሮች አራት ሰንበር ይሄዳል፤ የመደገፊያው ጥላ ከመቀመጫው ተቀጥሎ ወደ ቀኝ ይረዝማል። ክፍተት ያለው መደገፊያ ጥላውም ክፍተት ይኑረው። ጥላው የመንገዱን ከፍ ያለ ጠርዝ የሚነካ ከሆነ እዚያ ላይ ይሰበራል፦ በቋሚው ፊት ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በላይኛው ደረጃ ላይ አቅጣጫውን ይቀጥላል። ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ያለፈ ጥላ መሬቱን ጠፍጣፋ ሥዕል ያስመስለዋል።

6. የጥላው ቀለም

ጥላ ጥቁር አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ቢጋረድም የሰማዩ ብርሃን አለ፤ ስለዚህ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። መጠኑ ፎቶው ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ Eyedropper Tool፣ Sample Size ን 11 by 11 Average አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ያረፈበትን ንጣፍና አጠገቡ ጥላ ያረፈበትን ያንኑ ዓይነት ንጣፍ ለኩ። በነጠላ ፒክስል አትለኩ፤ የድንጋዩ ነጠብጣብ ያሳስታችኋል።

ፀሐዩ ላይ 200፣ 190፣ 175፤ ጥላው ላይ 92፣ 95፣ 100 አገኘን እንበል። ጥላውን ለፀሐዩ አካፍላችሁ በ255 ስታባዙ የምትፈልጉት ቀለም ይወጣል፦

```
R: 92 / 200 × 255 = 117
G: 95 / 190 × 255 = 128
B: 100 / 175 × 255 = 146
```

Layer > New Fill Layer > Solid Color ን ከፍታችሁ እነዚህን ቁጥሮች አስገቡ፤ ሌየሩን Multiply አድርጉ፣ Opacity 100 ላይ ይቆይ። የሠራችሁትን ቅርጽ በማስኩ ላይ ነጭ፣ የቀረውን ጥቁር አድርጉ። አዲሱ ጥላ ከጎረቤቱ ጥላ ጋር በቀለምም በጥቁረትም እኩል ይወጣል፤ Opacity ን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በዓይን መፈለግ አያስፈልግም። የንጣፉ መጋጠሚያዎችና ነጠብጣቦችም ከሥር ስለሚታዩ ጥላው እንደ ተቀባ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አዲሱ ጥላ የነበረ የዛፍ ጥላ ላይ ከደረሰ ያንን ክፍል ከማስኩ ላይ አጥፉት። ፀሐይ አንድ ጊዜ ከተጋረደች ሁለተኛ ጋራጅ አያጨልመውም። ድርብ የጠቆረ ጥላ ያለበት ፎቶ ሁለት ፀሐይ እንዳለው ይናገራል።

7. የጠርዙ ልስላሴ

ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ናት። ስለዚህ ጥላ የሚጥለው ጠርዝ ከመሬቱ በራቀ ቁጥር ጥላው ይደበዝዛል፤ በየ108 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር። ርቀቱ የሚለካው በጨረሩ መንገድ እንጂ በቁመት አይደለም። በ45 ዲግሪ ፀሐይ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የመደገፊያ አናት ከጥላው 127 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ደብዛዛው ጠርዙ 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መቀመጫው የዚህን ግማሽ፣ 6 ሚሊ ሜትር። እግሩ መሬት የሚነካበት ቦታ ዜሮ።

ወደ ፒክስል እንለውጠው። ወንበሩ ባለበት አንድ ሴንቲ ሜትር 6 ፒክስል ነበር፤ የጥላው ጫፍ ወደ እኛ ስለቀረበ እዚያ 7 ይሆናል። ስለዚህ የመደገፊያው ጥላ ጠርዝ 8 ፒክስል፣ የመቀመጫው 4 ፒክስል ይደበዝዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ 8 ፒክስል ስለተባለ Gaussian Blur ላይ 8 ያስገባል። የዚያ ማጣሪያ Radius የደብዛዛው ስፋት አይደለም፤ የሚፈለገው የስፋቱ ሩብ ገደማ ነው። ለ8 ፒክስል 2፣ ለ4 ፒክስል 1። በልማድ 15 ወይም 20 የሚያስገባ ሰው በጠራ ፀሐይ መሐል የደመና ጥላ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስኩን ንኩና መጀመሪያ ሙሉውን በ0.7 አደብዝዙት፤ ካሜራው ራሱ ፍጹም የተሳለ ጠርዝ ስለማይሰጥ ከዚያ የተሳለ ጥላ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ቀጥሎ የመቀመጫውንና የመደገፊያውን ጥላ አብራችሁ በ Lasso Tool ምረጡ፣ Feather 30 አድርጉ፣ በ1 አደብዝዙ። በመጨረሻ የመደገፊያውን ውጫዊ ግማሽ ብቻ መርጣችሁ በተመሳሳይ Feather በ2 አደብዝዙ። Feather ው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ያለውን ሽግግር ይደብቀዋል። የእግሮቹን ሥር አትንኩ።

ቁጥሩን ለማመሳከር ያንን የአጥር ቋሚ በ200 በመቶ አጉልታችሁ ጥላውን ከእግሩ እስከ ጫፉ ተከተሉት። 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ክፍሉ የወደቀው ጥላ ከጥቁር ወደ ብሩህ የሚያልፍበትን ፒክስል ቁጠሩ፤ ቋሚው ከወንበሩ የሚርቅ ከሆነ ቁጥሩ በዚያው ልክ ያንሳል። ከስሌቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፍቶ ካገኛችሁት በዚያ ሰዓት ስስ ደመና ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ስሌቱን ተዉና ፎቶውን እመኑ፤ ሁሉንም Radius በዚያው እጥፍ አሳድጉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ወንበሩ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ያለ ከመሰለ የጎደለው የእግሮቹ ሥር ነው። እግሩ መሬቱን በሚነካበት ስንጥቅ የሰማዩም ብርሃን አይገባም። በሌላ Multiply ሌየር፣ ከጥላው በጠቆረ ቀለም፣ በእያንዳንዱ እግር ሥር ከ6 እስከ 12 ፒክስል ብቻ የምትዘልቅ ቀጭን ጥቁረት ቀቡ። በፀሐዩ በኩል ጠባብ፣ በጥላው በኩል ትንሽ ሰፋ ትበል። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ ወንበሩን መሬት ላይ የሚያስቀምጠው ግን እሱ ነው።

ፀሐይ ሳትኖር፣ ዛፍ ሥር ሲሆን

ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በደመና ከተሸፈነ የጥላ ነጥብም የፀሐይ ነጥብም የለም። ብርሃኑ ከላይ ከሁሉም በኩል ይመጣልና ወደ ጎን የተዘረጋ ጥላ መሥራት ስሕተት ነው። የሚኖረው ከመቀመጫው ሥር የተኛ ሰፊ ጭጋግ መሰል ጥቁረትና የእግሮቹ ሥር ነው። ለምሳሌያችን ልክ ከ Radius 60 እና ከ Opacity 25 ጀምራችሁ ፎቶው ላይ ካለ ሌላ አግዳሚ ወንበር ወይም ከቆመ መኪና ሥር ጋር አነጻጽሩ።

ከሐይቁ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሥር ያለው ብርሃን ደግሞ ከሁሉም ያስቸግራል። በቅጠሎቹ መካከል ሾልከው መሬት ላይ የሚወድቁት ክብ ክብ ብርሃኖች የፀሐይዋ የራሷ ምስሎች ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በነበረበት ዕለት ዛፍ ሥር ያሉት ክቦች ሁሉ የማጭድ ቅርጽ የያዙት ለዚህ ነበር። ስፋታቸውም በዚያው 108 ይሰላል፤ ከ8 ሜትር ከፍታ በ45 ዲግሪ የመጣ ብርሃን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ይጥላል። ወንበሩ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ክቦቹ መሬቱ ላይ ብቻ ቀርተው ወንበሩን መዝለል አይችሉም፤ መቀመጫውም መደገፊያውም ላይ በየገጹ አንግል ተጣመው መውደቅ አለባቸው። ይህን በእጅ መሥራት ከሚፈጀው ጊዜ አንጻር ወንበሩን ሁለት ሜትር ወደ ፀሐዩ ማውጣት ወይም ሙሉ ጥላ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ከማስረከብ በፊት

መስመሮቹ ያሉበትን ሌየር ደብቁ፣ ሸራውን ወደ 4000 በ3000 መልሱ። ከዚያ Image > Image Rotation > Flip Canvas Horizontal ብላችሁ ፎቶውን አገላብጡና እዩት፤ የለመደው ዓይን ያለፈውን የተዛነፈ ጥላ በተገላበጠው ላይ ያየዋል። ቀጥሎ ከሁሉም በላይ የ Curves ሌየር ጨምራችሁ ጥላዎቹን በኃይል አብሩ። የነበሩት ጥላዎችና አዲሱ እኩል ከበሩና አንድ ዓይነት ቀለም ካሳዩ ልኩ ትክክል ነው። አዲሱ ብቻ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ከሄደ የቀለም ናሙናውን የወሰዳችሁት ከተለያየ ንጣፍ ነው፤ ወደ 6ኛው ተመልሳችሁ እንደገና ለኩ። ሲያልቅ የ Curves ሌየሩን አጥፉት፣ ፎቶውንም ወደ ቦታው አገላብጡት። የሐይቁ ጎን ተቀይሮ የተላከ ፎቶ የሐዋሳ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።